ከፍቺ በኋላ ልጆቹ የት ይደሩ? ስድስት አማራጮች፣ የትኛው ለየትኛው ቤተሰብ

«ሲፈልግ መጥቶ ይያቸው።» በፍቺ ስምምነት ውስጥ ስለ ልጆች ከሚጻፉት ቃላት ይህን ያህል ጠብ ሲወልድ ያየሁት የለም። ሲጻፍ በቅንነት ነው። ባልና ሚስት በንብረት ክርክር ደክመዋል፣ ሽማግሌዎቹም መሽቶባቸዋል፤ ስለ ልጆቹ ደግሞ ማንም ክፉ መሆን አይፈልግም። ሦስት ወር እንዳለፈ አባት ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል። ልጆቹ ለፈተና እያጠኑ ነው። እናት «ዛሬ አይሆንም» ትላለች። እሱ «ፍርድ ቤት የሰጠኝን ከለከለችኝ» ይላል፤ እሷ «ቤቴን እንደ ሆቴል አደረገው» ትላለች። ሁለቱም አይዋሹም፤ የፈረሙት ወረቀት መቼ፣ የት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገራቸውም።

የተለያዩ ወላጆችን በማስማማት ሥራ ላይ ስቆይ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ወላጆች የሚከራከሩት በቀን ብዛት ነው፦ ለእኔ ስንት፣ ለእሷ ስንት። አንድን ዝግጅት የሚያቆመው ወይም የሚያፈርሰው ግን የቀኑ ብዛት ሳይሆን ልጁ በሳምንት ስንት ጊዜ ከቤት ቤት እንደሚዘዋወር፣ በየትኛው በር እንደሚረከብና በማግሥቱ ከየት ተነሥቶ ትምህርት ቤት እንደሚደርስ ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚሁ ዓይን ነው። የምጽፈው አዲስ አበባን ይዤ ነው።

ሕጉ ምን ያህል ቦታ ይተዋል?

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል ያለ ሰው የራሱን ይመልከት። በአዋጁ አንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ አስተዳደጋቸው፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ያያል። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔው ሊሻሻል ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የልጆቹን ጉዳይ ራሳቸው ጽፈው ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅም የሚጎዳ ካላገኘበት ያጸድቀዋል። መስማማት ካልቻሉ ዳኛው ይወስናል። በመካከል ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 የተደነገገው ፍርድ ቤት መር አስማሚነት አለ። ሁለቱም ወገን በግልጽ ከፈቀዱ የሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ግን፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ፍርድ ቤት እስኪያጸድቀው ድረስ እንደ ፍርድ አይፈጸምም። ይህን ሳያውቁ ዓመት የኖሩ ብዙዎች ናቸው።

አንድ የቆየ እምነትም እዚህ ላይ መጥራት አለበት። «ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው» የሚባለው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው፤ የ1992ቱ አዋጅ እንዲህ ያለ ቁጥር አላስቀመጠም። ሕፃናት ብዙ ጊዜ ከእናታቸው ጋር የሚሆኑት ዳኛው ማን ሲንከባከባቸው እንደኖረ ስለሚያይ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ «ልጅ የአባት ነው፣ ስሙን ይዟል» ማለትም አያዋጣም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ለረጅም ዓመታት ልጁን ያላሳደገ አባት ወላጅ በመሆኑ ብቻ ልጁን ካሳደገችው አክስት ሊወስደው እንደማይገባ አስረግጧል። ሚዛኑን የደፋው የልጁ ጥቅም ነው።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን የማይባቸው በአራት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው ሌሊቱ ነው፦ ልጁ በዚህ ዕድሜው ከለመደው አልጋ ስንት ሌሊት ሊርቅ ይችላል? የሁለት ዓመት ሕፃን ሳምንት ሙሉ እናቱን ወይም ዋና አሳዳጊውን ካላየ ሳምንቱ ለእሱ ማለቂያ የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል። ሁለተኛው መንገዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በጠዋት ትራፊክ ልጅ ማመላለስ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው፤ ስለዚህ የሚለካው በቤቶቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ጭምር ነው።

ሦስተኛው ርክክቡ ነው። የተለያዩ ሰዎች ፊት ለፊት በተገናኙ ቁጥር ያልተዘጋ ቂም ሊከፈት ይችላል፤ ልጁም በሁለቱ መካከል ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ በዓመት ስንት ጊዜ በር ላይ ይገናኛሉ ብላችሁ ቁጠሩ። አራተኛው ማስፈጸም ነው፦ አንዱ ወገን እንቢ ቢል፣ በአፈጻጸም መዝገብ ላይ የተቀመጠ ዳኛ ወረቀቱን አንብቦ «ይህ ቀን ተጥሷል» ሊል ይችላል ወይ?

ገንዘብን ሆን ብዬ ለብቻው አላስቀመጥኩትም፤ በአራቱም ውስጥ አለ። ሁለተኛ አልጋ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ሁሉ ዋጋ አለው።

ክፍት ስምምነት

«በፈለገው ጊዜ ይያቸው» የሚለው ነው። የሚሠራባቸው ቤቶች አሉ፤ አይቻለሁ። አንድ ግቢ ወይም አንድ ሠፈር የሚኖሩ፣ ስልክ ሲደዋወሉ ድምፃቸው የማይቀየር ወላጆች ናቸው። ለእነሱ እንኳን ቢሆን ከሥር አንድ መነሻ መስመር እንዲጻፍ እመክራለሁ፦ «ካልተስማማን በየሳምንቱ እሑድ ከ4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይሆናል»። አንዳቸው ሌላ ትዳር የመሠረቱ ዕለት ያቺ መስመር ትፈለጋለች። ያለ እሷ አፈጻጸም የሚባል ነገር የለም፤ ዳኛው የሚያስፈጽመው ቀን አያገኝማ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ያለ አዳር

በተግባር እጅግ የተለመደው ይህ ነው። ልጁ ከአንዱ ወላጅ ጋር ይኖራል፤ ሌላው እሑድ ወስዶ ማታ ይመልሳል። ለትንሽ ልጅ ጥሩ ነው፤ አልጋው አይለወጥም፣ ወላጁንም ከሰባት ቀን በላይ አይለየውም። አዲስ ቤት ገና ላላደራጀ ወይም በአንድ ክፍል ከዘመድ ጋር ለተጠጋ አባትም የሚቻለው ይህ ነው።

ድካሙ ሁለት ላይ ነው። በዓመት 52 እሑድ ማለት መውሰድና መመለሱ ሲቆጠር 104 ጊዜ በር ላይ መገናኘት ነው፤ ከሁሉም አማራጮች የበለጠው ቁጥር ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ያንን ወላጅ የሚያውቀው በኬክ ቤትና በመጫወቻ ቦታ ብቻ ይሆናል። የቤት ሥራ ሲያሠራው፣ ሲታመም ሲያስታምመው፣ ጠዋት ፊቱን ሲያሳጥበው አያየውም። አንድ አባት «እንግዳ ሆንኩባቸው፤ ይሉኝታ ያዙልኝ» ብሎኛል። ልጅ በአባቱ ፊት ይሉኝታ ከያዘ አዳር የሚጨመርበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ከአዳር ጋር፣ የክረምቱን ከፊል ጨምሮ

ልጁ በትምህርት ቀናት አንድ ቤት ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ ሌላው ቤት ያድራል፣ ከክረምቱም ጥቂት ሳምንታት እዚያ ያሳልፋል። ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች፣ ልጁ ከአምስት ዓመት ካለፈ፣ መጀመሪያ እንዲያስቡበት የምነግራቸው ይህንን ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ዓርብ ከትምህርት ቤት መውሰድ ይቻላል። እናት ጠዋት ታደርሳለች፣ አባት ከሰዓት ይረከባል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ልጁም «ከእናቴ ነጠቁኝ» ወይም «አባቴን ትቼ ሄድኩ» የሚል ስሜት ሳይኖረው ከክፍሉ ወጥቶ አባቱን ያገኛል። ይህ እንዲሆን ልጁን የሚረከቡት ሰዎች ስም በትምህርት ቤቱ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ የስምምነቱን ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ መስጠት ብዙ ሁካታ ያስቀራል።

ጉድለቱ ሁለት ሳምንት ለትንሽ ልጅ ረጅም መሆኑ ነው። በመካከሉ ባለው ሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ለምሳሌ ረቡዕ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ሲገባበት ይቃናል።

ሳምንት በሳምንት፣ ተራ በተራ

በወረቀት ላይ ከሁሉም የበለጠ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግማሽ በግማሽ። በጣም ከሚጎዳኝ ስህተት አንዱ ግን ወላጆች ይህን ለልጁ ሳይሆን ለመሸናነፍ ሲመርጡት ነው፤ ወይም ቀለብ ይቀንስልኛል በሚል ሂሳብ። ይህ ዝግጅት የሚቆመው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሁለቱም ቤቶች ከትምህርት ቤቱ ቅርብ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ቤቶች ሙሉ የልጅ ዕቃ ሲኖራቸው፣ ወላጆቹም ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለ ጠፋ ደብተር ሳይጣሉ መነጋገር ሲችሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጉድለቱን የሚሸከመው ልጁ ነው። ከስድስትና ሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳምንት ሙሉ አልመክርም። ሲሟላ ግን ጥሩ ነው፤ የቤት ሥራውንም ሕመሙንም ሁለቱም ወላጆች ይካፈላሉ።

ከአያት ዘንድ

እናት ሪያድ ወይም ዱባይ ለሥራ ስትሄድ፣ አባት ሌላ ትዳር ሲመሠርት፣ ልጆች አያታቸው ጋር ይቀራሉ። ቤቱ የሚታወቅ፣ ፍቅሩም የተትረፈረፈ ስለሆነ ልጁ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ወረቀቱ ግን ይጎድላል። እማማ ልጁን ቢያሳድጉም ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና መፈረም፣ ትምህርት ቤት ማዛወር ወይም ፓስፖርት ማውጣት ሲመጣ «ወላጁ ይምጣ» ይባላሉ። ስለዚህ የሚሄደው ወላጅ ከመሄዱ በፊት እነዚህን ሥራዎች በስም የሚዘረዝር ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ይስጥ፤ የልጁ መኖሪያም በፍርድ ቤት ይወሰን።

ውጭ ያለው ወላጅ የሚጠይቀው በስልክ ነውና እሱም ሰዓት ይኑረው። ከሪያድ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው። ከዋሽንግተን ጋር ግን እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢባል እዚያ ጠዋት ነው፤ ወላጁ ሥራ አልገባም፣ ልጁም ገና አልደከመውም። ልጁ ሊጠይቅ ወደ ውጭ ሲሄድ ደግሞ የመመለሻው ቀን በጽሑፍ፣ በተቻለ መጠንም በዚያ አገር ፍርድ ቤት የታወቀ ይሁን። ኢትዮጵያ ያለ አግባብ የተወሰዱ ልጆችን የሚያስመልሰው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ ሳይመለስ የቀረ ልጅን መመለስ ረጅምና ውድ ክርክር ነው። ስጋቱ እውነተኛ ከሆነ ልጁ ከአገር እንዳይወጣ የእግድ ትእዛዝ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ሌላ ሰው ባለበት መገናኘት

ድብደባ፣ ከባድ ስካር፣ ወይም «ይዤው እጠፋለሁ» የሚል ዛቻ ባለበት ቤት ከላይ ያሉት ሁሉ አይሠሩም። ወላጁ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ቦታ፣ ሁለቱም ወገን የሚያምኑት ሰው ባለበት ነው። ያ ሰው የአንደኛው ወገን ጠበኛ ወንድም እንዳይሆን። አንዳንዶች ፖሊስ ጣቢያን ይመርጣሉ፤ ለእናትየዋ ደኅንነት ሲባል የማይቀርበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ልጁ አባቱን ከፖሊስ ጣቢያ ጋር አያይዞ ያድጋል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የክርስትና እናት ቤት፣ ሰው የሚበዛበት መናፈሻ ይሻላል። ይህን አማራጭ የሚጠይቅ ወላጅ የሕክምና ወረቀት፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የጽሑፍ መልእክት ይዞ ይቅረብ። ያለ ማስረጃ፣ ሌላውን ለመቅጣት ብቻ ከተጠየቀ፣ እውነት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች አቤቱታ ያረክሳል።

በአንድ ገጽ

| አማራጭ | የሚስማማው ዕድሜ | ርቀት | በዓመት በር ላይ መገናኘት | ወጪ | ማስፈጸም |
|---|---|---|---|---|---|
| ክፍት ስምምነት | ማንኛውም | አንድ ሠፈር | አይታወቅም | ዝቅተኛ | አይቻልም ማለት ይቻላል |
| በሳምንት አንድ ቀን | ሕፃናት በተለይ | እስከ መካከለኛ | 104 | ዝቅተኛ፣ መንገዱ ግን ይደጋገማል | ቀላል |
| በየሁለት ሳምንቱ አዳር | ከ5 ዓመት በላይ | ራቅ ቢልም ይቻላል | ከትምህርት ቤት ከተወሰደ በግማሽ ይቀንሳል | መካከለኛ፣ ሁለተኛ አልጋ | ቀላል |
| ሳምንት በሳምንት | ከ7 ዓመት በላይ | ሁለቱም ለትምህርት ቤቱ ቅርብ | በትምህርት ቤት ከሆነ እጅግ ጥቂት | ከፍተኛ፣ ሁለት ሙሉ ቤት | መካከለኛ |
| ከአያት ዘንድ | ማንኛውም | አይወስነውም | ጥቂት | መካከለኛ | ውክልናና ውሳኔ ካለ |
| ሌላ ሰው ባለበት | ማንኛውም | መካከለኛ ቦታ | ሰውየው ካረከበ የለም | ዝቅተኛ | ቀላል፣ ማስረጃ ይጠይቃል |

አንድ ቤት እንከተል

ይህን ምሳሌ ከብዙ ቤቶች ቀላቅዬ የሠራሁት ነው፤ ማንንም ለይቶ አይመለከትም። እናት ሰሚት ትኖራለች፣ አባት ፍቺው ሲወሰን ጀሞ ተከራይቷል፤ ሥራው መገናኛ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ወንዱ አራት ዓመቱ፣ ኬጂ አንድ። ትምህርት ቤታቸው ሰሚት ነው፤ የእናትየዋ እናትም እዚያው ሠፈር ናቸው፣ ልጆቹ እናታቸው ከሥራ እስክትመለስ እሳቸው ጋር ይቆያሉ።

መጀመሪያ የተስማሙት ሳምንት በሳምንት ነበር። አባት «ግማሽ አባት አይደለሁም» አለ፤ አነጋገሩ ልብ ይነካል። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጋመስ ነገሩ መሰነጣጠቅ ጀመረ። በአባት ሳምንት ልጆቹ ከጀሞ ለመነሳት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይቀሰቀሳሉ። ትንሹ መኪና ውስጥ ይተኛል፣ ኬጂ ሲደርስ ያለቅሳል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ማራስ ጀመረ። ልጅቷ የሒሳብ ደብተሯን ሰሚት ትታ ትሄዳለች፣ ሰኞ ያለ ደብተር ትቀጣለች። በወር ውስጥ ለስድስት ቀን አርፍዳ ገባች። እናት ይህን ሁሉ የአባት ጥፋት አደረገችው፤ አባት ደግሞ እሷ ልጆቹን ታነሳሳለች አለ።

ልጆቹን ያደከመው ግን ከጀሞ ሰሚት ያለው መንገድ ነው። ሲቀመጡ ሂሳቡን በወረቀት ሠራነው። በአዲሱ ዝግጅት አባት በወር ሁለት ጊዜ ዓርብ ከትምህርት ቤት ይወስዳል፣ እሑድ ከአያታቸው ቤት ያስረክባል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉት አሥር ወራት በወር አራት ሌሊት ሲሆኑ 40 ሌሊት ነው። ከክረምቱ ሦስት ሳምንት፣ ማለትም 21 ሌሊት፣ ይጨመራል። ባጠቃላይ ወደ 60 ሌሊት ይሆናል። ሥራው መገናኛ ስለሆነ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ወስዶ የቤት ሥራ አሠርቶ 12 ሰዓት ላይ አያታቸው ቤት ያደርሳቸዋል። ከጀሞ በጠዋት የሚነሱበት የትምህርት ቀን አንድም የለም። እሱና እናትየዋም በር ላይ አይገናኙም፤ እማማ በመካከል አሉ።

አባት 182 ሌሊት ጠይቆ ወደ 60 መውረዱን እንዴት ተቀበለው? ረቡዕን ሲያይ ነው። «እኔ የፈለግሁት የቤት ሥራቸውን ማሠራት ነበር» አለ። ለትንሹ ደግሞ አዳሩን በደረጃ አደረጉት፦ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቅዳሜ ቀኑን ብቻ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ሌሊት፣ ከዚያ ዓርብና ቅዳሜ። እህቱ ቀድማው ዓርብ ትሄዳለች። ወንድምና እህትን ለሁለት ወላጅ አንዳንድ አድርጎ ማካፈልን ፈጽሞ አልመክርም፤ ይህኛው ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይ የአንድ ወይም የሁለት ሌሊት ልዩነት ነው። የተሻሻለውን ስምምነት ጽፈው ፈርመው ለዚያው ችሎት አቀረቡት። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋት የአንቀጽ 113 መንገድ ይህች ናት።

ለማን የትኛው?

ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ አጭርና ተደጋጋሚ ግንኙነት ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ረጅም ቀን ከመስጠት ሁለት አጫጭር ከሰዓቶች ይበልጣሉ። ተከራይ ሆናችሁ ለልጅ አልጋ ቦታ ከሌላችሁ አዳርን በግድ አትጠይቁ፤ ቀኑን ውሰዱና አዳሩ የሚጀመርበትን ወር በስምምነቱ ላይ አስጽፉ። በፈረቃ የምትሠሩ ነርስ፣ ጥበቃ ወይም ሾፌር ከሆናችሁ የተወሰነ የሳምንት ቀን አይሠራላችሁም፤ ፈረቃው ወር በገባ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚላክበትና ከዚያ ሁለት ቀን የሚመረጥበት አንቀጽ ይግባ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሆነ ልጅ የራሱ ጓደኛና የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ፍርድ ቤት ሳይጠይቀው በፊት እናንተ ጠይቁት። ሲጠየቅ ግን «ማንን ትመርጣለህ» አይባልም። «ቅዳሜ ምን ምን አለህ» ነው የሚባለው።

ቀለብና ጥየቃ መለየት አለባቸው። «ቀለብ አልቆረጠም፣ ልጁን አያይም» ሲባልም፣ «አላሳየችኝም፣ አልከፍልም» ሲባልም የሚቀጣው ልጁ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው፦ ቀለቡ በአፈጻጸም ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ያለ በቂ ምክንያት ልጅን ቀለብ መከልከልም በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ የተከለከለ ጥየቃም በአፈጻጸም መዝገብ ይቀርባል። ልጁ ደግሞ ደብዳቤ አመላላሽ አይደለም። «ለአባትህ ገንዘቡ አልገባም በለው» ተብሎ የተላከ የሰባት ዓመት ልጅ ሙሉ እሑዱን ያንን ቃል ተሸክሞ ሲዞር አይቻለሁ።

ልጁ ሲሄድ ማልቀሱ ብቻውን ዝግጅቱ መጥፎ ነው አያሰኝም። መኪና ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሲቆይ የሚጫወት ልጅ የመለያየቱን ቅጽበት ነው የጠላው፤ ርክክቡን ወደ ትምህርት ቤት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ዓርብ ጠዋት ሆዱን የሚያመው፣ ከተመለሰም በኋላ ለቀናት ዝም የሚል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማራስ የጀመረ ልጅ ግን ሌላ ነገር እየነገራችሁ ነው። መጀመሪያ ጉዞውን፣ እንቅልፉንና በዚያ ቤት ማን ማን እንዳለ መርምሩ።

ወረቀቱ ላይ እንዴት ይጻፍ?

የትኛውንም ብትመርጡ በመጨረሻ የሚያኖራችሁ አጻጻፉ ነው። ለላይኛው ቤት የተጻፈው ይህን ይመስላል፦

«አባት ልጆቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ ዓርብ ከትምህርት ቤት ወስዶ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት በአያታቸው ቤት ያስረክባል። ትምህርት በሌለበት ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከአያታቸው ቤት ይወስዳል። ጳጉሜን በቆጠራው አይገባም። መምጣት ያልቻለ ወገን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል፤ ምትኩ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። ገና በ2018 ከእናት፣ ፋሲካ ከአባት ጋር ይሆናል፤ በየዓመቱ ይቀያየራል።»

«በየሁለት ሳምንቱ» አልተባለም፤ አንድ ሳምንት ከተዘለለ በኋላ ተራው የማን እንደሆነ ማስታወስ አዲስ ክርክር ይከፍታል። «የመጀመሪያና ሦስተኛ» ከተባለ ግን የግድግዳ ካላንደር ይዳኛል። አምስት ዓርብ ባለበት ወር ልጆቹ አባታቸውን ሦስት ሳምንት ሳያድሩበት ይቆያሉ፤ ረቡዕ የገባው ለዚያ ጭምር ነው። የቀለቡ ቀን ደግሞ ከከፋዩ ደመወዝ ጋር ይስማማ፤ ደመወዙ በፈረንጅ ወር የሚከፈል ሰው ቀለቡን በኢትዮጵያ ወር መጀመሪያ እንዲከፍል ከተጻፈ፣ ቀኑ ከደመወዙ ጋር ስለማይገጥም ሳይወድ ሊዘገይ ይችላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ወላጆች ባሉበት ቤት ኢድና ፋሲካ መለዋወጥ አያስፈልጋቸውም፤ እያንዳንዱ በዓል ከሚያከብረው ወላጅ ጋር ይሁን።

በመጨረሻም የማሻሻያ ቀን ይግባበት፦ «ትንሹ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ሁለቱም ወገን ተገናኝተው ቀናቱን ይከልሳሉ»። ያ ቤተሰብ ይህን አስገብቷል። ሲገናኙም አያታቸው ቤት፣ ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት እንዲሆን ጽፈውታል።